«ጮቄ» ከወደቀ በኋላ፦ ለባልትናችን ስም ፍለጋ፣ ሁለተኛው ዙር

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ከቀረቡት ስሞች አንድም አልተረፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬና ባለቤቷ ደብረ ማርቆስ ላይ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ያዘጋጃሉ። እስካሁን በተራ ላስቲክ ታስሮ በሰው በሰው ነው የሚሸጠው። አሁን ባለ ዚፕ ከረጢት ውስጥ ሊገባ ነው፣ በግማሽ ኪሎና በአንድ ኪሎ። ከፊሉ እዚሁ ሱቆች ላይ ይቀመጣል። የቀረው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄድና የአክስታችን ልጅ ይረከበዋል። እኔ የሕትመት ሥራ ስለምሠራ ስሙም ተለጣፊውም እኔ ላይ ወደቀ።

ስሙ ቀድሞ መወሰን ያለበት በወጪው ምክንያት ነው። ከረጢቱ ላይ በቀጥታ ማሳተም ስትፈልግ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ሲሊንደር ይቀረጻል። ስም ከተቀየረ ስሙ ያለበት ሲሊንደር ሁሉ እንደገና ይሠራል። ማተሚያ ቤቶቹም ትንሽ ብዛት አይቀበሉም፣ በሺዎች ነው የሚያወሩህ። ስለዚህ ለመጀመሪያው ምርት ባዶ ከረጢት ላይ ተለጣፊ እንለጥፋለን ብለን ተስማማን። ተለጣፊ በትንሽ ብዛት ይታተማል፣ ሲሳሳትም ይጣላል። ስም ግን ደንበኛ አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ተለጣፊ ተልጦ አይጣልም።

ያቀረብናቸው ስሞች፦ እናት፣ ጮቄ፣ ጎዛምን፣ መንቆረር፣ ማዕድ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ጣዕም፣ ወፍጮ፣ መሶብ። ሌሎችም ነበሩ፣ ግን ማንም ምንም ያልተናገረባቸው ስለሆኑ እዚህ አላነሳቸውም። ዝም የተባለበት ስም ምንም አያስተምርም። የተሰደበ ስም ይሻላል።

ኅዳር መጨረሻ፦ የተባለውን እንደተባለ መጻፍ

እትዬ «ሁሉንም ጠልተዋቸዋል፣ ሌላ አምጣ» አለችኝ። ሌላ ማምጣት ቀላል ነው፣ አንድ ማታ ይበቃል። ችግሩ ለምን እንደተጠሉ ሳይታወቅ የሚመጣው ሁለተኛ ዝርዝር የመጀመሪያው ወንድም መሆኑ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ማውጣቱን ትቼ የተሰጡትን አስተያየቶች መሰብሰብ ጀመርኩ።

አንድ ደብተር ላይ በየስሙ ሥር ሰዎቹ ያሉትን በራሳቸው አፍ ጻፍኩ። «ደስ አላለውም» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። ለምሳሌ፦

«እናት» ላይ፣ ገበያ አካባቢ ያለችው ባለሱቅ፦ «የማን እናት? እዚህ መደርደሪያ ላይ እናት የማይል ባልትና የለም።»

«አዲስ ጣዕም» ላይ፣ ያቺው ባለሱቅ፦ «ለበርበሬ አዲስ ማን ይፈልጋል? ሰው የለመደውን ነው የሚጠይቀኝ።»

«ንጹሕ» ላይ፣ የእትዬ ጎረቤት፦ «አሁን ንጹሕ ስትሉ የሌላው ሊቆሽሽ ነው? ደግሞ ጠርጥር ያሰኛል።»

«ጎዛምን» ላይ፣ የእትዬ ባል፦ «እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። በርበሬውን የምገዛው ከቡሬ ነው። ጎዛምን ምን አደረገ?»

«ጮቄ» ላይ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን፦ «በላቲን ጻፈውና እየው።»

ጻፍኩት። Choke። ካርታ ላይም ስልክ ላይም እንዲሁ ነው የሚጻፈው። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ይህ «መታነቅ» ነው። በሶ ላይ! ደረቅ በሶ ቅሞ ውሃ ያላገኘ ሰው ያውቀዋል። Choqe ብለን እንጻፈው ያለም ነበር። ግን ደንበኛው ቴሌግራም ላይ ሲፈልገን የሚጽፈው የለመደውን ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ የስንት የአባይ ገባር መነሻ ተራራ ነው። ለምግብ ከረጢት ግን አልሆነም።

ታኅሣሥ መግቢያ፦ አስተያየቱ ሥር ያለው

ደብተሩን ሳነበው አንድ ነገር ወለል አለልኝ። ሁሉም «አይሆንም» ይላል፣ ግን አይሆንም የሚባለው በተለያየ ምክንያት ነው። «ጎዛምን» የወደቀው ስሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ከምርቱ ስለሚጠብ ነው። «ንጹሕ» የወደቀው በትርጉሙ ነው። «ጮቄ» የወደቀው ወረቀት ላይ ሲጻፍ ነው። «ማዕድ» ላይ ደግሞ ማንም ክፉ አልተናገረም፣ ሁሉም ወደደው። የወደቀው እኔ ጋ ነው። ወደድነው ያሉትን ሰዎች «እስቲ ጻፉልኝ» ስላቸው አንዱ ማዕድ፣ አንዱ ማእድ፣ አንዱ መዓድ ብሎ አመጣልኝ።

ስለዚህ እያንዳንዱን አስተያየት ይዤ ወደ ሰውየው ተመለስኩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ «ምን ቢቀየር ትቀበለው ነበር?» ይህ ጥያቄ ከ«ለምን ጠላኸው?» የበለጠ ይሠራል። ለምን ስትለው ሰው ምክንያት ይፈጥርልሃል። ምን ቢቀየር ስትለው ግን ወይ የሚቀየር ነገር ያሳይሃል፣ ወይ «ኧረ እኔ እንጃ፣ ብቻ አልወደድኩትም» ይልሃል። የመጀመሪያው መስፈርት ይሆናል። ሁለተኛው የራሱ ምርጫ ነው፣ ይከበርለታል፣ ግን መስፈርት ውስጥ አይገባም።

ባለሱቋን ምሳሌ ላድርጋት። «እናት» ተለምዷል አለች። «አዲስ» ደግሞ ማንም አይፈልግም አለች። ላዩን ሲያዩት የተለመደውንም አዲሱንም አልፈልግም ያለች ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ስም አውጪን ያሳብዳል። ምን ቢቀየር ስላት ግን ነገሩ ተፈታ።

«ስሙን ስሰማ ያረጀ ሙያ ትዝ ይበለኝ» አለች። «ግን እንደ ሁሉ እናት እማማ አትበሉብኝ። ደንበኛ የትኛው እናት ስትል እኔ ነኝ መደርደሪያ የምፈትሽ።»

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስሜቱ ነው፣ የቆየ ይሁን። ሁለተኛው ቃሉ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለ አይሁን። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጽፋቸው እንዲህ ይሆናል፦ ስሙ የቆየ የወጥ ቤት ሙያ ያስታውስ፣ ግን እናት፣ እማማ፣ ባህል፣ መሶብ የሚሉትን አይጠቀም። ይህ ለሁለተኛው ዙር መመሪያ ይሆናል። «ሞቅ ያለ ስም አምጣ» መመሪያ አይደለም።

«ወፍጮ» ላይ የተባለውም ጠቅሞኛል። ወድቋል፣ ምክንያቱም ሰው የወፍጮ ቤት ማስታወቂያ መሰለው። ነገር ግን ብዙዎቹ ከመጣላቸው በፊት ፈገግ ብለዋል። የእትዬ ባል «ድምፁ ደስ ይላል፣ ዕቃ ነው፣ ይታየኛል» ብሎ ነበር። ከወደቀ ስም ውስጥ የሚተርፈውን ክፍል ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። እኔም የሚጨበጥ ዕቃ፣ በዓይን የሚታይ ብዬ ያዝኩት።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ የተጋጩት

አንድ ግጭት በጥያቄ አልፈታ አለ። ማርቆስ ያሉት ሁሉ የቦታ ስም አንፈልግም ይላሉ። ጎዛምን አንዱን ያስቀራል፣ መንቆረር ደግሞ የከተማው ሁሉ የድሮ ስም ነው፣ ሽማግሌው ይወደዋል ወጣቱ አያውቀውም። አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ግን ተቃራኒውን ይላል። «ጎጃምነቱ ካልታየ እዚህ ምን ብዬ ልሽጠው? ሰው የሚገዛኝ የጎጃም ሽሮ ብሎ ነው።»

ሁለት ሰው ተቃራኒ ሲናገር አንዱ ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ስለ ሁለት የተለያየ ቦታ እያወሩ ነው። እዚህ ላይ ማርቆስ ያለው ገዢ ጎጃም የሚለውን አያስፈልገውም፣ ራሱ ጎጃም ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለው ያስፈልገዋል። ግን የሚያስፈልገው ከረጢቱ ላይ እንዲያየው ነው እንጂ ስሙ ራሱ እንዲሆን አይደለም። ስለዚህ ስሙ ሥር አንዲት መስመር ጨመርን፦ «የጎጃም ባልትና፣ ደብረ ማርቆስ»። ወንድማችን በዚህ ተስማማ። አስተያየቱ ከስሙ መስፈርት ወጥቶ የተለጣፊው መስፈርት ሆነ። እንዲህ ዓይነት ብዙ ነው። ሰው ስም ላይ የሚጭነው ሸክም ግማሹ የቀለም፣ የሥዕልና የጽሑፍ ሥራ ነው።

የቦታ ስምን መተው ሌላም ጥቅም አለው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም መነሻ ቦታ ብቻ የሚገልጽ ምልክትን በቀላሉ አይቀበልም። «ንጹሕ» የጥራት መግለጫ ነው። «ጎዛምን» የቦታ ነው። ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስታመለክት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ተቃውሞ ገጥሟት ነበር። መንግሥት ለዓለም ገበያ ይህን ያህል ከታገለ እኛ ለሽሮ ባንታገል ይሻላል።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ መስፈርቱን በታወቁ ስሞች መፈተን

መስፈርቶቹን ጽፌ ጨረስኩ። ረቂቁ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «በስሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሚጻፍ ፊደል አይኑር። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ የሉበትም።» ከማዕድ ጣጣ በኋላ ትክክል ይመስላል። ሌላም ነበር፦ «የተራራ ስም አይሁን።» ይህ ደግሞ ከጮቄ የመጣ ነው።

ከዚያ ሁሉም የሚያውቃቸውንና ምንም የማያስቸግሩ ስሞችን በዚያ ወንፊት አሳለፍኳቸው። አምቦ ውሃ። ዳሸን ቢራ። አምቦ በ«አ» ስለሚጀምር በመስፈርቴ ወደቀ። ግን ዐምቦ ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳሸን ተራራ ስለሆነ ወደቀ። ግን ዳሸን ስሙ አስቸግሮት አያውቅም።

ስለዚህ ስህተቱ መስፈርቱ ላይ ነው። ፊደሉ ራሱ አይደለም ችግሩ፣ ሰዎች ሰምተው በተለያየ መንገድ መጻፋቸው ነው። ተራራውም አይደለም ችግሩ፣ የላቲኑ አጻጻፍ ነው። መስፈርቶቹን ከክልከላ ወደ ፈተና ቀየርኳቸው፦

አንደኛው፣ ስሙን በስልክ ለተለያዩ ሰዎች ተናገርና እንዲጽፉት አድርግ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከጻፉት አለፈ።

ሁለተኛው፣ እነዚያኑ ሰዎች በላቲን እንዲጽፉት አድርግ። አጻጻፋቸው ብዙ ካልተለያየና ከተጻፈው አንዱም በእንግሊዝኛ ክፉ ነገር ካላለ አለፈ።

በዚህ አምቦም ዳሸንም ያልፋሉ። ጮቄና ማዕድ አሁንም ይወድቃሉ። ይህ ነው የምፈልገው። መስፈርት ጥሩውን አሳልፎ መጥፎውን ካላስቀረ ወይ ጠብቧል ወይ ላልቷል። ይህን ማወቅ የሚቻለው አዲስ ስም ከማምጣት በፊት ነው። በኋላማ የወደድከውን ስም ለማሳለፍ መስፈርቱን መጎተት ይመጣል።

በድምፅ በኩል አንድ ሦስተኛ ጨመርኩ። ስሙ ሱቅ ውስጥ በሚባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፦ «___ አለ?» «አንድ ግማሽ ኪሎ ___ ስጪኝ።» «አዲስ ጣዕም» እዚህ ላይ ነው የወደቀው። «አዲስ ጣዕም አለ?» ስትል ባለሱቋ አዲስ ነገር መጥቶ እንደሆነ የጠየቅሃት ይመስላታል። ወረቀት ላይ ይህ አይታይም።

በመጨረሻ የቀረው ዝርዝር አጭር ነው። የግድ የሆኑት ሦስቱ ፈተናዎችና «የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ምርት ስም አይሁን» የሚለው ናቸው። ቢሆን ደስ የሚለን ደግሞ የቆየ የወጥ ቤት ዕቃ ወይም ሙያ፣ በዓይን የሚታይ ነው። እትዬ «አጭር ይሁን፣ የሚያምር ይሁን፣ ዘመናዊ ይሁን» ብላ ሌላም ልትጨምር ነበር። አልተቀበልኳትም። ማንም «ረዝሟል» ብሎ ያማረረበት ስም የለም። ካልተነሳ ቅሬታ የመጣ መስፈርት በሩን ያጠባል እንጂ ምንም አይፈታም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ሁለተኛው ዙር

አሁን የምንፈልገው ሰፈር ታውቋል፣ ማጀት ውስጥ ነው። እትዬ ዘንድ ሄጄ ዕቃ ዕቃ አስቆጠርኳት። ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ጉልቻ፣ ሌማት፣ ጎታ። ባሏ «ወንፈል» የሚል ጨመረ። እኔ «ማጀት» የሚለውን ራሱን ጨመርኩ።

ይህ ዙር ፈጠነ፣ ምክንያቱም ሰዎቹ አሁን ምን እየተጠየቁ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ጉልቻ» እትዬ አፍ ላይ ነው የሞተው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለችና ሳቀች። በቃ። ለቅመም ነጋዴ ይህ ተረት ያለበትን ስም መስጠት ማለት ደንበኛውን ስድቡን አብሮ ማስያዝ ነው።

«ሌማት» ጥሩ ነበር፣ ግን አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን «የሌማት ትሩፋት ነው? የመንግሥት ነው?» ተብዬ እጠየቃለሁ አለ። እውነቱን ነው፣ ቃሉን አሁን ያ መርሐ ግብር ይዞታል።

«ጎታ» በሁሉም ፈተና አለፈ። ባለሱቋ ግን «ጎታ ስትሉ ነቀዝ ነው ትዝ የሚለኝ» አለች። ይህ የአንድ ሰው ምርጫ ነው ወይስ የሁሉም? ሌላ ሦስት ሰው ዘንድ ነቀዝ ሳልል ጎታ ብቻ አልኩ። አንደኛዋ ራሷ ነቀዝ አለች። ወደቀ። የምግብ ስም ከተባይ ጋር አንድ ጊዜ በራሱ ከተያያዘ በቂ ነው።

«ሰፌድ» በስልክ ፈተና ወደቀ። መናኸሪያ ቆሞ የሰማው ልጅ «ስፌት» ብሎ ጻፈው። ልብስ ሰፊ ልንሆን ነው።

«ወንፊት» ላይ ሁሉም ሰው ስለሚያፈስ ነገር ነው የተናገረው። «ሙቀጫ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ተጻፈ፣ በላቲን ግን Mukecha, Muqecha, Mukacha ሆኖ መጣ።

የተረፉት ወንፈል፣ ዘነዘናና ማጀት ናቸው።

ጥር መግቢያ፦ ያልጠበቅነው መስፈርት

«ወንፈል» ላይ እኔ ልቤ ሄዶ ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው በርበሬ ሲቀነጥሱ ሳይ ወንፈል ነው የሚመስለው። የእትዬ ባል ራሱ ነው ያቀረበው፣ ራሱ ነው የጣለው። «ወንፈል ማለት እኔ ዛሬ ላንቺ፣ አንቺ ነገ ለእኔ ነው። እነዚህ ሴቶች የቀን ክፍያ ነው የሚወስዱት። አንዷ ከረጢቱን አይታ ‹መቼ ነው የእኔን ጤፍ የምታርሙልኝ› ብትለኝ ምን እላለሁ?»

ይህ መስፈርታችን ውስጥ አልነበረም። ስሙ ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ይናገራል፣ የተናገረው ደግሞ እውነት አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩት፦ ስሙ ስለ አሠራሩ የሚናገረው እውነት ይሁን።

አዲሱ መስፈርት ወዲያው ዘነዘናን ተፋጠጠ። በርበሬው የሚፈጨው በኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው። ዘነዘና ብንለው ውሸት ነው? እትዬን ሂደቱን ከመጀመሪያ አስነገርኳት። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይሰጣል። ከዚያ ከዝንጅብሉና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር በሙቀጫ ተወቅጦ ይደለሃል፣ ተመልሶ ይሰጣል። ሲደርቅ ከኮረሪማውና ከሌላው ቅመም ጋር ሆኖ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የበሶው ገብስም ተቆልቶ ይሸከሸካል፣ ከዚያ ነው የሚፈጨው። መሸክሸኩ በዘነዘና ነው። ሽሮው ላይ ነው የሚከብደው። አተሩ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፣ በዘነዘና የሚነካው ቅመሙ ብቻ ነው።

እትዬ «በሽሮው አልዋሽም፣ ግን አላፍርም» አለች። እኔም እንደዚያው። ከሦስቱ ሁለቱ በእርግጥ በዘነዘና ያልፋሉ፣ በሦስተኛው ቅመሙ ያልፋል። ነገ ምርቱ ሲበዛ ውቀጣው ወደ ማሽን ከሄደ ግን ይህ መስፈርት ተመልሶ ይመጣል። እሱን ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

«ማጀት» ላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘመዳችን ፊቷን አጨማደደች። «ሴትን ወደ ማጀት የሚል ነው የሚመስለው።» ምን ቢቀየር ስላት «ምንም፣ ቃሉ ራሱ ነው» አለች። እትዬ ደግሞ ማጀትን ከሁሉ አብልጣ ወዳዋለች። ለእሷ ማጀት ሥልጣኗ ነው፣ ማን ይገባብኛል የምትልበት። እዚህ ላይ መስፈርት አይፈርድም። ሁለቱም በራሳቸው ሕይወት ነው የሚሰሙት።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፦ መደርደሪያ ላይ

በወሬ መወሰን ስላልቻልን ሁለቱንም ተለጣፊ በእኔው ማተሚያ አተምኩ። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ ሥዕል የለም። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ስም ላይ ብቻ ሥዕል ተደርጎበት ስለነበር ሰው ስሙን ትቶ ስለ ሥዕሉ ሲያወራ ነበር። ሽሮውም አንድ ነው፣ ዋጋውም አንድ ነው። ማጀት የሚለው አንድ ሱቅ፣ ዘነዘና የሚለው ሌላ ሱቅ ገባ።

ባለሱቆቹን «የትኛው በለጠ ተሸጠ?» አላልኳቸውም። ሁለቱ ሱቆች ደንበኛቸው አይመሳሰልም፣ በዚህ ቁጥር መወሰን አይቻልም። የጠየቅኳቸው ሌላ ነው፦ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ምን ብሎ ይጠይቃል? ቃሉን እንዳለ ያዙልኝ።

ማጀት የተሸጠበት ሱቅ ደንበኞች ሲመለሱ «ያ ባለፈው የወሰድኩት ሽሮ» አሉ። አንድ ሁለቱ «ባለ ዚፑ» አሉ። ስሙን የጠራ የለም። ሌላው ሱቅ ላይ «ዘነዘና» ተብሎ ተጠይቋል። አንድ ልጅ እናቱ ልካው «ዜዜና» ብሎ ነው የጠየቀው፣ ግን ባለሱቁ አልተሳሳተም፣ አውርዶ ሰጠው። ይህን እንደ ማለፍ ቆጥሬዋለሁ። ስም ተሰባብሮም ከተገኘ ይሠራል።

እትዬ አሁንም ማጀት ይሻላል ትላለች። ዘነዘና ከባድ ነው፣ ዱላ ይመስላል ትላለች። እሱንም በየሰዉ ጠየቅሁ፣ ሌላ ማንም ዱላ አላለም።

ጥር መጨረሻ

ዘነዘናን ይዘን ወደ ፍለጋ ሄድን። ሁለት ነገር ነው የሚጣራው፣ ሰውም ያምታታዋል። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ንግድ ቢሮ የሚመዘገበው ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ከረጢቱ ላይ ያለው ነው፣ እሱ በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ዱቄትና ቅመማ ቅመም ለንግድ ምልክት ዕቃዎችን በክፍል በሚለየው ዓለም አቀፍ የኒስ ምደባ 30ኛ ክፍል ውስጥ ስለሚገቡ ሦስቱም ምርቶቻችን በአንድ ክፍል ይሸፈናሉ። ምልክቱ ከተመዘገበ ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል።

ፍለጋው ተመሳሳይ ካወጣ ተጠባባቂው ማጀት ነው። ተለጣፊውን ስሙ ብቻ እንዲቀየር አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። የሲሊንደሩን ነገር መልሱ እስኪመጣ አናነሳውም። እስከዚያ ያለው ሽሮ በተለጣፊ ይሸጣል። የእትዬ ባል ለሁለተኛው የበርበሬ ግዢ ወደ ቡሬ ሄዷል።